ከመስመሩ በታች

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው አርባ ደቂቃ ናት። ዘጋቢዋ ለአርባ ደቂቃ ቸኮለች፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው ስምንት ወር ሙሉ ወንበር ላይ መርጋት አቅቷታል። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው የስፖርት አምድ አዘጋጅ "ኧረ በፈጠረሽ፣ አዞርሽኝ እኮ!" ይላታል። እሷ መች ትሰማዋለች።

የምትሠራበት ጋዜጣ በሳምንት አንዴ የሚወጣ ነው። ሦስት ክፍል አለው፣ አንድ ጠባብ ኮሪደር፣ ሲረገጥ የሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ። እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ስትዘግብ ኖራለች። ሥራውን ያስተማሯት ዋና አዘጋጁ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። በመጀመሪያው ቀን ደብተሯን ተቀብለው አንድ ነገር አሳዩዋት።

"ሰብሳቢው መዶሻውን መትቶ ስብሰባውን ሲዘጋ፣ ከዳር እስከ ዳር መስመር አስምሪ" አሏት። "ከመስመሩ በላይ ያለው በይፋ ስብሰባ ላይ የተባለ ነው። በትክክል፣ ሳታዳይ እስከዘገብሽው ድረስ፣ ንግግሩ ኋላ ውሸት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሕግ ይጠብቅሻል። ከመስመሩ በታች ያለው የኮሪደር ወሬ ነው። እሱን ካተምሽ ዕዳው የራስሽ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳታሰምር የዋለችበት ስብሰባ የለም። የመስመሩን ትርጉም ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለሌላው ሰው ያው መስመር ነው፣ እጅ ሥራ ሲፈታ የሚጭረው ዓይነት።

እንግዲህ ያን ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ። ምክር ቤቱ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዲስ ጣሪያ ይነጋገር ነበር። ጮሌው የሚባለው የምክር ቤት አባል ተነሳ። ጮሌው ማይክሮፎን ካገኘ የሚለቅ ሰው አይደለም። "ጣሪያው ያፈሳል! ልጆቻችን ባልዲ ከበው ነው የሚማሩት! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደካማ ሥራ አይቼ አላውቅም!" አለ። ዘጋቢዋ ቃል በቃል ጻፈች። ወዲያው መብራት ድርግም አለ። ማይክሮፎኑም፣ መቅረጫውም፣ አዳራሹም ጸጥ አሉ። ሰብሳቢው በጨለመው አዳራሽ ጥቂት ጠበቁና "በሉ ለዛሬ ይብቃን" ብለው መዶሻውን መቱ። እሷም አሰመረች።

ኮሪደሩ ላይ፣ የሚያፈሱት ክፍሎች ስንት እንደሆኑ ልትጠይቀው ጮሌውን አስቆመችው። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ገባ። "ክፍሉን ተይው። ጣሪያ ሠሪው አሮጌ ቆርቆሮ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ ነው ብሎ ነው የሸጠልን። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጻፊው!" አላት። ጻፈችው፤ ከመስመሩ በታች።

ቢሮ ስትደርስ ገጹ ማተሚያ ቤት ሊገባ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ጣሪያ ሠሪው ዘንድ አንድ ጊዜ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ፤ ኋላ እንደታወቀው ሰውየው ሌላ ሰፈር ጣሪያ ላይ ሚስማር እየመታ ነበር። ሁለተኛ አልደወለችም። ደብተሯን ገልጣ ሁለቱን ንግግር አየች። ሁለቱም ያው ከአንድ ሰው አፍ የወጡ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው አምስት ደቂቃና አንድ በር ነው፣ ማን ይቆጥራል ብላ፣ "በትናንቱ ስብሰባ ላይ እንደተናገሩት" ብላ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ዋና አዘጋጁ ርዕስ ሰጡት፤ "አሮጌ ቆርቆሮ በአዲስ ቀለም" የሚል፣ በትልልቁ፣ ከፊት ገጽ።

የሰው ነገር ታውቁት የለ። በሳምንቱ ሰውየው "ቀቢው" ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ ቀቢው፣ ብረታ ብረት መሸጫው ጋ ቀቢው። እኔ እንኳ ጣሪያ ሠሪው ነው የምለው፤ እናንተም እንዲያ በሉት። ሦስት የጀመራቸው ሥራዎች ከእጁ ወጡ። በወሩ የክስ ወረቀት መጣ፤ አንደኛ ተከሳሽ ጋዜጣው፣ ሁለተኛ ተከሳሽ ዘጋቢዋ።

የጋዜጣው ጠበቃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። በሥራው ግን የሚያህለው የለም። ዋና አዘጋጁ ክፍል ውስጥ ክሱን ዘርግቶ ተቀመጠ። ዘጋቢዋ በሩ አጠገብ ቆማ እጀታውን ታዞራለች።

"እኔ ምን አደረግኩ?" አለች። "ያለው እሱ ነው። እኔ ያለውን ነው የጻፍኩት!"

"ይሄን ተይው" አላት ጠበቃው። "የሰውን ስም ማጥፋት አንዱ ተናግሮት ሌላው ደግሞ ካተመው፣ ያተመውም እንደተናገረው ነው የሚቆጠረው። 'እገሌ ነው ያለው' ብቻውን አያድንም። የሚያድኑን ሦስት ነገሮች ናቸው። አረፍ በይና ልንገርሽ።"

ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች።

"አንደኛው እውነት ነው" አለ። "ያተምነው እውነት ከሆነ አለቀ። ግን ውሸት ነው ብሎ ማስረዳት የሱ ሥራ አይደለም፤ እውነት ነው ብለን የምናስረዳ እኛ ነን። ሁለተኛው አስተያየት ነው። 'ደካማ ሥራ ነው' የሚለው አስተያየት ነው። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው፣ እሱንም ጽፈሽዋል፣ አንባቢው ራሱ ሊመዝነው ይችላል፣ ተናጋሪውም ከልቡ ያምንበታል። እዚህ ላይ የሚነካን የለም። 'አሮጌ ቆርቆሮ ቀብቶ አዲስ ነው ብሎ ሸጠ' የሚለው ግን አስተያየት አይደለም። ወይ አድርጎታል ወይ አላደረገም። ፊቱ ላይ 'በእኔ አስተያየት' የሚል ብትለጥፊበትም ያው ነው።"

"ሦስተኛውስ?" አሉ ዋና አዘጋጁ። ጥያቄያቸው ከሚያውቅ ሰው አፍ የወጣ ነበር።

"ሦስተኛው የምክር ቤቱ ጥበቃ ነው። አባሉ ስብሰባ ላይ ለተናገረው አይከሰስም። እኛም ያን ስብሰባ በቅንነት በትክክል ከዘገብን ንግግሩ ውሸት ቢሆን እንኳ አንጠየቅም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ ነው። ይሄ ቃል የተባለው ስብሰባው ላይ ነው አይደለም?"

ዘጋቢዋ አፏን ከፈተች። ዋና አዘጋጁ ቀደሟት። "ስብሰባው ላይ ነው እንጂ! መብራት ሲጠፋ መቅረጫው ስለተቋረጠ ነው ቃለ ጉባኤው ላይ ያልገባው። አባሉም ስብሰባው ላይ ነው ያልኩት ብሎ ለመመስከር ዝግጁ ነው።"

ዝግጁ ቢሆን ምን ይገርማል! ከአዳራሹ ውጭ ነው ካለ እሱም ይከሰሳል። ጠበቃው ደብተሯን ተቀብሎ ገጹን አገላበጠና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። "የከሳሽ ጠበቃ ይሄን ደብተር ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሏል። ይሄ መስመር ምንድን ነው?"

"እጇ ነው" አሉ ዋና አዘጋጁ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ። "ሲደብራት ታሰምራለች።"

ጠበቃው ዘጋቢዋን አያት። እሷም የመሸበት ሰው ይመስል ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልዋሸችም፣ እውነቱንም አልተናገረችም። ደረጃው ግን እስከ ታች ድረስ እንዲያ ሲንቋቋ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

ያን ሰሞን እህል አይወርድላትም፣ ወሬ አይጥማትም። አንድ ቀን ታናሽ እህቷ ቤት ሄዳ የታጠበ ሳህን ደግማ ስታጥብ እህቷ እጇን ያዘቻት። እህቷ አስተማሪ ናት፤ ያ የሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ነው የምታስተምረው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ስንት ጊዜ ዋጥኩት" አለቻት። "የሰውየው ልጅ እኔ ክፍል ናት። ልጆቹ 'የቀቢው ልጅ' ነው የሚሏት። ስም ስጠራ እጇን ማውጣት ትታለች።"

"ካደረገውስ?" አለች ዘጋቢዋ። ድምፅዋ ተቆጣ። "ካደረገው የኔ ጥፋት ነው?"

"እኔ እንጃ። ጣሪያው እንደሆነ እዚያው ነው ያለው። ወጥተሽ አታዪውም?"

ይኼ ነገር እንዴት ቀድሞ ትዝ እንዳላላት እስካሁን ይገርማታል። ስምንት ወር ስለ ቆርቆሮው ስታወራ ቆርቆሮውን አይታው አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ከእህቷ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄደች። የኮርኒሱን መግቢያ ከፍተው፣ ወንበር በወንበር ደርበው፣ እህቷ እግሯን ይዛ፣ እሷ አንገቷን አስገባች። የቆርቆሮው ሆድ ያንጸባርቃል። የፋብሪካው ማኅተም ሰማያዊ ሆኖ በየቆርቆሮው ላይ ይነበባል። ከሚስማሩ በቀር አንድም ሌላ ቀዳዳ የለም፤ አሮጌ ቆርቆሮ ቢሆን የድሮው ሚስማር ቀዳዳ ወንፊት ያደርገው ነበር። የሚያፈሰው በመጋጠሚያው ነው። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የተደረበው አንድ ሽንሽን ብቻ ነው፤ ሁለት መሆን ሲገባው። ደካማ ሥራ ነበር፣ ጮሌው እዚያች ላይ አልዋሸም። አዲስ ቆርቆሮ ግን አዲስ ቆርቆሮ ነው።

"ምን አየሽ?" አለቻት እህቷ ከታች።

"ጉዴን" አለች ዘጋቢዋ።

ወርደው ሲወጡ በር ላይ የዘበኛው ቤት አለ፤ አንድ አልጋ የምትችል ቤት። ጣሪያዋ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ዳር ላይ ቀለሙ በቁልፍ ይሁን በሳንቲም ተፍቆ፣ ዝገቱ ወጥቷል። በማስቲሽ የተደፈኑ የድሮ ሚስማር ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ ይታያሉ። ዘጋቢዋ ቀጥ ብላ ቀረች።

"አባባ፣ ይሄን ማን ሠራልዎት?" አለቻቸው ዘበኛውን።

"ያ ጣሪያ የሠራው ልጅ ነዋ! እግዜር ይስጠው። ሥራውን ሲጨርስ ዝናብ እየመታኝ አይቶ፣ ከሌላ ቤት ያፈረሰውን ቆርቆሮ አምጥቶ በነፃ መታልኝ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር የተረፈ ነበር። አንድ የምክር ቤት ሰው መጥቶ በቁልፍ ፋቀብኝ እንጂ አምሮ ነበር።"

እንግዲህ ይኸው ነው ነገሩ። ጮሌው በዓይኑ በብረቱ አየሁ ያለው ይቺን ነው። ከሰውየው ሥራ ሁሉ አሮጌ ቆርቆሮ ያለባት ለጽድቅ የሠራት አንዲት የዘበኛ ቤት ነበረች፤ ስሙ የጠፋውም በሷ ነው። ዘጋቢዋ መንገዱን ሁሉ ከእህቷ ፊት ፊት እየፈጠነች ሄደች። ተናዳለች፤ በጮሌው ተናዳለች፣ በጋሼ ተናዳለች፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሷ አንጀቷ አሯል።

ሰኞ ሲነጋ ዋና አዘጋጁ ኮታቸውን ሳያወልቁ ደረሰችባቸው። ያየችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቁጭ አሉ።

"እንግዲያው እውነት የሚባለው መከላከያ ቀርቷል" አሉ። "የቀረን የምክር ቤቱ ጥበቃ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ንግግሩ ውሸት ቢሆንም ይሠራል። ስለዚህ ይሄን ለጠበቃው አትንገሪው፤ ለማንም አትንገሪ።"

"ጋሼ፣ ከመስመሩ በታች ነው እኮ።"

"መስመር መስመር ነው!" ጠረጴዛውን መቱት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ልጄ፣ ይቺ ቤት ይሄን ክስ አትችለውም። ትዘጋለች። አሥራ አንድ ሰው ነው የሚበተነው። አንቺም ትበተኛለሽ። ሠላሳ ዓመት የለፋሁባት ናት። የምለምንሽ አንዲት ቃል ነው፣ 'ስብሰባው ላይ' በይ፣ ሌላ አልጠየቅኩሽም።"

ለምነዋት አያውቁም ነበር። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ እንዲያ ዓይናቸው ሲርስ አላየችም። "እሺ" ማለትም "እምቢ" ማለትም አቃታትና ራሷን ነቅንቃ ወጣች፤ መነቅነቋ ለየትኛው እንደሆነ እሷም አላወቀችውም።

የቀጠሮው ቀን ቶሎ መጣ። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፤ በግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ በየበሩ ላይ የተለጠፈ የመዝገብ ዝርዝር፣ ፋይል ታቅፎ የሚሮጥ ሰው። ዘጋቢዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። ስምንተኛው ዙር ላይ አንድ ሰው ከወንበሩ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ጣሪያ ሠሪው ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ አውራ ጣቱ ጥፍር ግን በመዶሻ ጠቁሯል።

"ተቀመጪ፣ እግርሽ ያልቃል" አላት።

ተቀመጠች።

"እኔ ጋዜጣ ማንበብ እወዳለሁ" አለ እሱ፣ ፊት ለፊቱን ግድግዳ እያየ። "የጻፍሽውን ሁለቴ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። 'ደካማ ሥራ' የሚለው እውነት ነው። ዝናብ ሳይደርስ ልጨርስ ብዬ ማደራረቡን አሳጥሬዋለሁ፣ ቸኮልኩ። ደካማ ሠራተኛ በይኝ፣ እያኮረፍኩም ቢሆን እቀበላለሁ። ሌባ ግን አይደለሁም፣ እህቴ። ይሄን ማን ሰጠሽ?"

"እርስዎ..." አለች። በዚሁ ጊዜ አስተናባሪው የመዝገቡን ቁጥር ጠራ።

ዳኛው ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ዘጋቢዋ እጇን ከፍ አድርጋ ማለች። በመጀመሪያ የጠየቃት የጋዜጣው ጠበቃ ነበር፣ ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት መሆኑን፣ የጻፈችው በዚያው ሰዓት መሆኑን። ሁሉንም መለሰች። "ሁለቱን ንግግሮች የት ሰማሽ?" አላት ቀጥሎ። "ከአባሉ ነው የሰማሁት" አለች። ጠበቃው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጥንቶ አያት፤ አልገፋበትም፤ ተቀመጠ።

የከሳሽ ጠበቃ ግን ወጣት ነው፣ ደብተሩን ይዞ ተነሳ። "ይሄ የእጅ ጽሑፍሽ ነው?"

"ነው።"

"ገጹ መሐል ላይ መስመር አለ። ሌሎቹን ገጾች አየኋቸው። በየስብሰባው መጨረሻ ላይ አንድ አንድ መስመር አለ፤ ሁልጊዜ አንድ፣ ሁልጊዜ ከዳር እስከ ዳር። በመከላከያ መልሳችሁ እንደተባለው ሲደብርሽ የምታሰምሪ ከሆነ በየስብሰባው አንዴ ብቻ ነው የሚደብርሽ ማለት ነው?"

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዘጋቢዋ ወደ ዋና አዘጋጁ አየች። የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ያዞራሉ። ያ ቁልፍ ሲላላ ልቧ አብሮ ላላ። አንዲት ቃል ናት። 'እጄ ነው' ብትል አለቀ፤ አሥራ አንድ ሰው እንጀራው ይቀጥላል፣ ጋሼም እንደ ኮሩ ይኖራሉ። አንገቷን ስታዞር ደግሞ ጣሪያ ሠሪው የጠቆረውን አውራ ጣቱን በሌላኛው እጁ ሸፍኖ ተቀምጧል። የቆርቆሮው ማኅተም ትዝ አላት፣ ሰማያዊው። እጇን የማታወጣው ልጅ ትዝ አለቻት።

"መስመሩ መዶሻ ነው" አለች።

"አልገባኝም።"

"ሰብሳቢው መዶሻውን ሲመታ ነው የማሰምረው። ከመስመሩ በላይ ያለው ስብሰባው ላይ የተባለ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ስብሰባው ከተዘጋ በኋላ ኮሪደር ላይ ለኔ ብቻ የተነገረኝ ነው።"

"አሮጌ ቆርቆሮ የሚለው የት ነው ያለው?"

"ከመስመሩ በታች።"

"ስብሰባው ላይ ተባለ ብለሽ ያተምሽው ግን አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው።"

ወጣቱ ጠበቃ ይኼን ያህል አልጠበቀም ነበር፤ ለአፍታ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ጠየቀ፣ "ቆርቆሮውንስ አይተሽዋል?"

"ከማተሜ በፊት አላየሁትም። ባለፈው ሳምንት አየሁት።" ከዚህ በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። ኮርኒሱን፣ ማኅተሙን፣ መጋጠሚያውን፣ የዘበኛውን ቤት፣ በቁልፍ የተፋቀውን ቀለም፣ ሁሉንም አፈሰሰችው። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ስትናገር ወዲያ ወዲህ አላለችም።

ዳኛው ጽፈው ጨረሱና ቀና አሉ። "'ደካማ ሥራ' የሚለው እውነት በሆነ ነገር ላይ የተሰጠ አስተያየት ነው፤ በዚህ ተከሳሾች አይጠየቁም" አሉ። "የቆርቆሮውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የስብሰባ ዘገባ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ላልተባለ ነገር አይደርስም። የሚቀረው እውነት መሆኑን ማስረዳት ነው። ታስረዳላችሁ?"

የጋዜጣው ጠበቃ ተነሳ። ዋና አዘጋጁን ዞሮ አያቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "ማስረጃ የለንም፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። ለመታረቅ ጊዜ ይሰጠን" አለ። ጮሌው ከደጅ ሆኖ የምስክርነት ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ወሬው ሲደርሰው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። እስካሁን እያወራ ነው መሰለኝ፣ ተመልሶ አልመጣም።

ዕርቁ በሳምንቱ ተፈረመ። ካሳው የጋዜጣውን ገጽ በግማሽ አሳጠረው፣ ቤቱ ግን አልተዘጋም። አራት ሰዎች ለቀቁ፤ የስፖርት አምድ አዘጋጁ አንዱ ነው፣ እቃውን ሲሰበስብ ቀና ብሎ አላያትም። ዋና አዘጋጁ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፏት። በሦስተኛው ቀን ወደ ክፍላቸው ጠሯት።

"አቃጠልሽኝ" አሏት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"መስመሩን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ?" ወረቀት ገፋ አደረጉላት። "ማረሚያውን አንቺ ትጽፊዋለሽ። በፊት ገጽ፣ ያኛው በወጣበት ቦታ፣ ያኛው በወጣበት ፊደል። ምክር ቤቱን ግን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ።"

አልተከራከረችም። ማረሚያውን ሰባት ጊዜ ጻፈችው። ሰበብ የገባበትን እየሰረዘች፣ "ምናልባት"ንና "ሊሆን ይችላል"ን እያወጣች፣ በመጨረሻ አጭርና ደረቅ ሆነ። ጣሪያው የተሠራው በአዲስ ቆርቆሮ ነው። ጋዜጣው ያተመው ውሸት ነው። ቃሉ ስብሰባ ላይ አልተባለም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጣሪያ ሠሪው ከመታተሙ በፊት ሊያየው መብት ነበረውና ከሰዓት በኋላ መጣ። ደረጃው ሲንቋቋ ዘጋቢዋ ሰማችው። በር ላይ ያለችው ጸሐፊ ደግ ልጅ ናት፣ ዝንብ አትነካም። አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ቀቢው መጥቷል!" አለች።

እሱ ከኋላዋ ቆሟል።

ጸሐፊዋ ዞራ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። ዘጋቢዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን እንዳልሰማ ገባ፣ ተቀመጠ፣ በጠቆረው አውራ ጣቱ ቃል በቃል እየተከተለ ማረሚያውን አነበበ። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ምንም አልጎደለውም። ስንት ሰው ያነበዋል?"

"ጋዜጣውን የገዛ ሁሉ።"

"ያኛውንስ?"

ልትዋሸው አልፈለገችም። "ያኛውን ያልገዛውም አንብቦታል" አለች።

ፈረመላት። መዋሸት እንዳላማራት አይቶ ይሁን፣ ወይም ደክሞት፣ ሌላ አልጨመረም። እሷም እስከ ታች ልሸኝዎት ብላ አብራው ወረደች። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ዘበኛው ቤት፣ ሁለተኛ ስላልደወለችው ስልክ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቷት።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። ከልቡ ነበር፣ ያስታውቃል።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው በጭነት መኪና ላይ እንጨት ያራግፋል። ጣሪያ ሠሪውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ወዳጁ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። እጁን አውለበለበና በሙሉ አፉ ተጣራ።

"ቀቢው! ጠፋህ እኮ!"

ዘጋቢዋ ደንግጣ ዞራ አየችው። እሱ ግን እጁን ከፍ አድርጎ፣ ዘወር ብሎ፣ አንድም ቀን ሌላ ስም እንዳልነበረው ሰው፣ "አቤት!" አለ።